የዲስክ ጭንቅላት፦ ቅርቡን ያስቀድም ወይስ እንደ ሊፍት ይሂድ?

የሃርድ ዲስኩ አንባቢ ጭንቅላት፣ ሲሊንደር ከሚባሉት የዲስኩ ክብ መስመሮች ቁጥር 50 ላይ ነው እንበል። ወረፋ የያዙት ጥያቄዎች የሚፈልጓቸው ሲሊንደሮች 45፣ 60፣ 20፣ 90 እና 150 ናቸው። ዲስኩ ከ0 እስከ 199 ይደርሳል።

ኤስኤስቲኤፍ የሚባለው ዘዴ ሁልጊዜ ቅርቡን ያነሳል። 45፣ 60፣ 90፣ 150፣ በመጨረሻ 20። ርቀቱ 5+15+30+60+130 = 240 ይሆናል። ያ 130 ከየት መጣ? ጭንቅላቱ 45 ላይ ሳለ 20 የሚርቀው በ25 ብቻ ነበር። 60 ግን በ15 ስለቀረበ ጥሎት ሄደ። ይባስ ብሎ ከ90 በላይ አዳዲስ ጥያቄ ከጎረፈ፣ ምስኪኑ 20 ተራ ሳይደርሰው ሊቀር ይችላል።

እንደ ሊፍት የሚሄደው ዘዴ በያዘው አቅጣጫ ያሉትን ሳይጨርስ አይዞርም። ሉክ በሚባለው ዓይነቱ ወደ ላይ እየሄደ ከነበረ 100+130 = 230፣ ወደ ታች ከነበረ ደግሞ 30+130 = 160 ብቻ ነው። ስለዚህ አቅጣጫው ያልተነገረበት የፈተና ጥያቄ ጎደሎ ነው። ስካን የሚባለው ዓይነቱ ወደ ላይ እየሄደ ከነበረ ግን ጠያቂ ባይኖርም እስከ 199 ይወጣል፤ 149+179 = 328። ከኤስኤስቲኤፍም ባሰ!

ምርጫዬ ሉክ ነው። ድምሩ ሁሌ ስለሚያንስ አይደለም። አንዱ ሲሊንደር ላይ ጥያቄ ካልተደራረበ በቀር፣ ማንም ከአንድ ምልልስ በላይ አይጠብቅም።