የድንጋይ ግንብና ባለ 20 ብሎኬት፦ ከ14 ወር በኋላ

ቦታው ደብረ ብርሃን ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ቤት አለ። ዋናው ቤት 8 በ10 ሜትር ሲሆን ግድግዳው 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የጥቁር ድንጋይ ግንብ ነው። ከጓሮ ያለው ሰርቪስ በባለ 20፣ ማለትም 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ብሎኬት ተሠርቷል። በሁለቱም የኮንክሪት ኮለን የለም፤ ጣሪያውን የተሸከመው ግድግዳው ራሱ ነው። አንድ ሙሉ ክረምትና አንድ የኅዳር ውርጭ አልፎባቸዋል።

መጀመሪያ የሚሰማው የቦታ ጉዳይ ነው። የዋናው ቤት የውስጥ ስፋት 7 በ9፣ ማለትም 63 ካሬ ሜትር ነው። ያው ቤት በብሎኬት ቢሠራ ወደ 73 ካሬ ይሆን ነበር። የጎደለው 10 ካሬ አንድ መኝታ ቤት ነው። ቦታው ጠባብ ለሆነ ሰው ይህ ብቻውን ጉዳዩን ሊወስነው ይችላል።

«ድንጋይ ሲሚንቶ ይቆጥባል» የሚባለው ግን እንደሚወራው አይደለም። ከግንቡ መጠን አንድ ሦስተኛ ገደማ ሞርታር ነው። ባለ 50 ግንብ በአንድ ካሬ ሜትር፣ በ1 ለ 4 ድብልቅ፣ ከ60 ኪሎ ያላነሰ ሲሚንቶ ይጠጣል፤ ከአንድ ከረጢት በላይ ማለት ነው። ብሎኬት በካሬ ሜትር 12 ወይም 13 ይገባል፤ ለመደርደሪያው የሚያስፈልገው 10 ኪሎ እንኳ አይሞላም። እርግጥ ብሎኬቱ ራሱ ሲሚንቶ አለበት፣ በሁለት በኩል ልስንም ይፈልጋል። ድንጋዩ በቅርብ ካልተገኘና ጠራቢው ጥሩ ካልሆነ ከዋጋ አንጻር የሚያጓጓ ነገር የለውም።

ሙቀቱን በተመለከተ ድንጋዩ ቀን የጠጣውን ፀሐይ የሚመልሰው ማታ ስለሆነ የኅዳር ሌሊት ይለዝባል። ብሎኬቱ ከጀንበር ጋር አብሮ ይበርዳል። ይህ ማለት ግን ድንጋይ ብርድ ይከላከላል ማለት አይደለም፤ የሚያደርገው ማዘግየት ነው። ፀሐይ ሳይወጣ ሳምንት ባለፈበት የነሐሴ ወቅት ድንጋዩ ቤትም ቀዝቃዛ ነበር፣ እንዲያውም ለመሞቅ ብዙ ቀን ፈጅቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ስንጥቅ። የብሎኬት ጥፋት ቶሎ ይታያል። በሰርቪሱ መስኮት የታችኛው ማዕዘን ላይ በሦስተኛው ወር እንደ ደረጃ የሚወርድ ቀጭን ስንጥቅ ወጣ። ምክንያቱ ሁለት ነው፦ ከመስኮቱ በታች ያለው ግድግዳ ሸክም ስለሌለበት በግራና ቀኝ ካለው ከተሸከመው ጋር አብሮ አይሠራም፤ ብሎኬቱም ሳይደርቅ በመደርደሩ ቆይቶ ተኮማትሯል። ስንጥቁ ላይ የጀሶ ማኅተም ተለጠፈ። ጀሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው ገና እየተንቀሳቀሰ ነው፣ ካልተሰነጠቀ ቆሟል ማለት ነው። እስከ ክረምቱ መጨረሻ አልተሰነጠቀም፤ በልስን ተዘጋ። መከላከያው ቀላል ነበር፦ ብሎኬቱ ለሳምንት ውኃ ጠጥቶ፣ ከተሠራ ወር ገደማ አልፎት እንዲደረደር ማድረግ፣ ከመስኮቱ ሥርም ፌሮ ያለበት ቀጭን ኮንክሪት ማስገባት።

የድንጋይ ጥፋት ግን ተደብቆ ይኖራል። ብዙ ግንበኛ የውጭውንና የውስጡን ፊት ለየብቻ አሳምሮ ያቆምና መሐሉን በፍርፋሪ ድንጋይ ይሞላዋል። ከውጭ ሲታይ ውብ ነው፤ በእውነቱ ግን ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ቀጫጭን ግድግዳዎች ናቸው። መሬት ሲነቃነቅ ይለያያሉ፣ አንደኛው ፊት አብጦ ይወድቃል። ሁለቱን የሚያያይዘው ከፊት እስከ ፊት የሚያልፍ ማሰሪያ ድንጋይ ነው፤ በየ60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ፣ ከጎን ደግሞ ከ1.2 ሜትር ባልበለጠ ርቀት መግባት አለበት። ድንጋዩ አጭር ከሆነ ሁለቱን ማነባበር ወይም ኮንክሪት ማፍሰስ ይቻላል። ግንቡ አንድ ሜትር ሳይሞላ መቁጠር ነው፤ ካለቀ በኋላ የሚቀረው በመዶሻ እየመቱ ባዶ ድምፅ መፈለግ ብቻ ነው።

ይህን አቅልሎ ማየት አይገባም። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተደጋገመው ርዕደ መሬት አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ ደብረ ብርሃንም ስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ናት። የመሬት ንቅናቄ የሚያመጣው ኃይል ከክብደት ጋር ያድጋል። የዋናው ቤት የውጭ ግድግዳ 90 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፣ ክብደቱም ወደ 110 ቶን። ይኸው ስፋት በተለሰነ ብሎኬት ከ30 ቶን ብዙም አይበልጥም።

ብሎኬቱም ቢሆን ባዶ ሆኖ ሸክም አይችልም። በየማዕዘኑና በየበሩ ጎን ከመሠረት የሚነሳ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ በቀዳዳው ውስጥ ማለፍ፣ ቀዳዳውም ሁለት ረድፍ በተደረደረ ቁጥር በደቃቅ ጠጠር ኮንክሪት መሞላት አለበት። ጫፉ ላይ አራት ባለ 12 ፌሮና እነሱን የሚያቅፍ ስታፋ ያለው ቶፕ ታይ ቢም ሳይቋረጥ ቤቱን ዞሮ ካልታሰረ የቀረው ሁሉ ግማሽ ሥራ ነው። ለድንጋዩም ቢሙ አይቀርም። ለኤሌክትሪክ ቱቦ ብሎኬቱን በአግድም መቦርቦር ደግሞ የሚሸከመውን ቀጭን ግድግዳ መቁረጥ ነው፤ ቱቦው ወደ ላይ በቀዳዳው ይሂድ።

ለሌላ ተመሳሳይ ቤት ምርጫው ድንጋይ ከመሠረት እስከ መሬት በላይ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ከዚያ የመሬት እርጥበት ወደ ላይ እንዳይወጣ የሚያግደው ዲፒሲና ግሬድ ቢም፣ ከዚያ በላይ ባለ 20 ብሎኬት ይሆናል። ድንጋዩ ዝናብ ከመሬት የሚረጨውን ይችላል፤ ብሎኬቱ እዚያ ዝቅታ ላይ ሲቀመጥ ግን ውኃው በቀዳዳው ገብቶ ከውስጥ፣ ከወለሉ በላይ፣ ልስኑን እያበጠ ይወጣል። በሰርቪሱ ሰሜን ግድግዳ መስከረም ላይ የታየውም ይኸው ነው።