ለእንጨት የጣሪያ ትራስ የትኛው ጋሴት ይሻላል፦ ኮምፔንሳቶ፣ ጣውላ ወይስ ላሜራ?

6 ሜትር ስፋት ላለው ቤት በደንብ የደረቀና ያልተጣመመ 5 በ10 እንጨት ከተገኘ፣ ጣሪያውን የሚሸከመው የሦስት ማዕዘን የእንጨት ማዕቀፍ፣ የትራሱ፣ ግማሽ ሥራ አልቋል። አናጺና ባለቤት የሚከራከሩት ጋሴቱ ላይ ነው። ጋሴት ማለት እንጨቶቹ በሚገናኙበት ቦታ በሁለቱም ጎን የሚመታው ሰሌዳ ነው።

ምርጫው የሚወሰነው ከአናት ወደ ግድግዳው ተዳፍቶ የሚወርደው ወራጅና ታችኛው አግዳሚ ግድግዳው ላይ በሚገናኙበት ማዕዘን ነው። የጣሪያውን ከፍታ 1.5 ሜትር እናድርገው፤ ወራጁ በየ2 ሜትሩ 1 ሜትር ይወጣል ማለት ነው። እዚያ ማዕዘን ላይ ከወራጁ የሚወርደው ክብደት 170 ኪሎ ቢሆን፣ ወራጆቹ ወደ ውጭ ስለሚንሸራተቱ አግዳሚውን በእጥፉ፣ በ340 ኪሎ ይጎትቱታል። ጣሪያው ዝቅ ብሎ በየ3 ሜትሩ 1 ሜትር ብቻ ቢወጣ ጉተታው የክብደቱ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ዝቅ ያለ ጣሪያ እንጨት ቢቆጥብም ሚስማርና ጋሴት ይጨምራል።

የጣውላ ቁርጥራጭ ከሥራው ስለሚተርፍ ብዙዎች የሚጀምሩት በሱ ነው። ችግሩ ጣውላ የሚጠነክረው በአንድ አቅጣጫ፣ በጭረቱ ርዝመት ብቻ መሆኑ ነው። በዚያ ማዕዘን ወራጁ ወደ አንዱ፣ አግዳሚው ወደ ሌላው ሲጎትት ጣውላው በሚስማሮቹ መስመር ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በመጀመሪያው ቀን እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፤ እንጨቱ እየደረቀ ሲሄድ ግን ይከፈታል። ጣውላን እኔ የምቀበለው ሁለት እንጨት ጫፍ ለጫፍ ሲቀጠል ብቻ ነው፤ እዚያ ጉተታውም ጭረቱም አንድ አቅጣጫ ናቸው።

ላሜራ አይሰነጠቅም፤ ግን ውፍረቱ ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር መሆንና ቀዳዳው አስቀድሞ በድሪል መበሳት አለበት። ከጣሪያ የተረፈ ቆርቆሮ ቆርጦ መምታት አያዋጣም፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳን ስለማይሞላ ሚስማሩ ቀዶት ይወጣል። ፋብሪካ የሚሠራውን ባለጥርስ ሳህን ካገኙም በመዶሻ አይምቱት፤ የሚገባው በማሽን ተጨምቆ ነው፣ በመዶሻ ጥርሱ ይጣመማል።

የኔ ምርጫ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ነው። ንብርብሮቹ ተሻግረው ስለተጣበቁ በየትኛውም አቅጣጫ ቢጎተት መስመር ይዞ አይሰነጠቅም። ሲገዙ የሚፈተነው ማጣበቂያው ነው፦ ቁራጭ ይለምኑና ቤት ወስደው ለሰዓታት ያፍሉት። ንብርብሩ ከተላቀቀ የካቢኔ ኮምፔንሳቶ ነው፣ ለጣሪያ አይሆንም። ቺፕውድ ደግሞ በርካሽ ቢቀርብልዎም አይግዙ፤ እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ ሚስማርም ይለቃል።

ለኮምፔንሳቶ ባለ 6 ሳንቲም ሚስማር ይስማማል፤ 12 ሚሊ ሜትሩን አልፎ 48 ሚሊ ሜትር እንጨቱ ውስጥ ይገባል። አንዱን ሚስማር ለ25 ኪሎ ብቻ ብንቆጥረው 340 ኪሎው 14 ይጠይቃል፤ ስለዚህ አግዳሚው ላይ በእያንዳንዱ ጎን 8፣ ወራጁም ላይ እንደዚያው ይመታል። ከእንጨቱ ጫፍ ከ4 ሳንቲም አይቅረቡ፣ የሁለቱ ጎን ሚስማሮችም ፊት ለፊት እንዳይገናኙ ያዛንፏቸው። የደረቀ ባህር ዛፍ ከሆነ አስቀድሞ በቀጭን ድሪል መብሳት ግድ ነው።

ማዕዘኑን በስኳድራ እንጂ በግምት አይቁረጡ። በአንዱ ክንድ 40፣ በሌላው 20 ይዘው ሁለቱንም የእንጨቱ ጠርዝ ላይ ያሳርፉ። በ20ው ክንድ የሚሰመረው መስመር ወራጆቹ አናት ላይ የሚገናኙበት ቁርጥ ነው፤ በ40ው የሚሰመረው ወራጁ ሥር የሚገባው የአግዳሚው ጫፍ ነው። ቁርጡ ክፍተት ካለው ክብደቱን በእንጨቱ ፋንታ ሚስማሩ ይሸከማል፤ ጋሴቱ ክፍተቱን ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም።

ትራሶቹ ብዙ ከሆኑ ሌላ ምርጫ አለ፦ የተሠራውን ትራስ እየገለበጡ መቅዳት ወይስ መሬት ላይ ቅርጽ ማዘጋጀት? ቅጂ በቅጂ ሲሠራ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስህተት እየተደመረ ይሄዳል፤ ማገር ሲመታ ጣሪያው ይሞገዳል። ለሦስት ትራስ እንኳን ቅርጹ ይሻላል። የተስተካከለ ወለል ላይ ትራሱን በሙሉ ልኩ በክር ያስምሩ፤ ከዚያ በየእንጨቱ ግራና ቀኝ ጋሴቱ ከሚያርፍበት ራቅ አድርገው የእንጨት ቁራጭ ይምቱ። የመጀመሪያውን ትራስ በአንድ ጎን መትተው ያንሱትና ገልብጠው ይመልሱት። ሳይታገል ከገባ ግራውና ቀኙ እኩል ነው። ካልገባ ቀጣዩን ከመቁረጥዎ በፊት ቁራጮቹን ያስተካክሉ። ከተገለበጠ በኋላ ግን ትራሱ በጋሴቶቹ ላይ ስለሚቆም፣ ሁለተኛውን ጎን ሲመቱ እንዳይጎብጥ በመሃል በመሃሉ የዚያኑ 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ቁራጭ ከሥሩ ያስገቡ።