ቅድሚያ ክፍያው ለማን ይግባ? ለሆልዲንጉ ወይስ ዕቃውን ለሚሸጠው ድርጅት?

ድሬዳዋ ላይ ብረት በብዛት የሚገዙ ነጋዴዎች የግሩፕ ፕሮፋይል ሲቀርብላቸው ደጋግመው የሚጠይቁት «ሠላሳ ምናምን ድርጅት ተዘርዝሯል፣ ከየትኛው ጋር ልዋዋል?» እያሉ ነው። ዕቃውን ከሚሸጠው ጋር ይዋዋሉ። ሆልዲንጉን ለዋስትና ብቻ ይፈልጉት።

ሆልዲንግ የሌሎችን ድርጅቶች አክሲዮን የሚይዝ ነው። የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ አየር መንገዱንና ኢትዮ ቴሌኮምን በሥሩ ይዟል፤ ትኬት የሚቆርጥልዎ ግን አየር መንገዱ ራሱ ነው።

በስም አይለዩ። «ትሬዲንግ» ተብሎ አክሲዮን ብቻ የያዘ አለ፤ «ግሩፕ» የሚለውም አንዳንዴ አርማ እንጂ የተመዘገበ ድርጅት አይደለም። ፕሮፎርማውን ይዘው ክቡን ማኅተም ይዩ። ከላይ የታተመው አርማ የግሩፑ ቢሆንም፣ በማኅተሙ ዙሪያ የተጻፈው ስም የሌላ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ባለ 10 አሃዙን የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር etrade.gov.et ላይ አስገብተው ንግድ ፈቃዱን ይፈትሹ። የንግድ ምዝገባ ድርጅቱ መኖሩን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ምን እንደሚሠራ የሚናገረው ፈቃዱ ነው። የብረት ንግድ መስክ ከሌለበት ወይም ካልታደሰ ገንዘብዎን አያንቀሳቅሱ።

ሒሳቡን እንየው። ብረቱ 1,000,000 ብር፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ 150,000፣ ድምሩ 1,150,000 ብር ነው እንበል። ቅድሚያ 30 በመቶ ሲሉ 345,000 ብር ነው። «ለሆልዲንጉ ሒሳብ ካስገባችሁ 2 በመቶ እንቀንሳለን» ቢሉ ከዋጋው ላይ የሚተርፍልዎ 20,000 ብር ነው። ደረሰኙ ከሻጩ ሌላ በሆነ ድርጅት ስም ከመጣ ግን የ150,000ው ብር ታክስ ተመላሽ ሊከለከልብዎ ይችላል። ዕቃው ከዘገየ ደግሞ ሻጩ «ገንዘቡ እኔ ጋር አልገባም» ይላል፣ ሆልዲንጉም «እኔ ብረት አልሸጥኩም»። ሁለቱም የየራሳቸው ሕጋዊ ሰውነት ስላላቸው አንዱ በሌላው ዕዳ በራሱ አይጠየቅም። ስለዚህ በፕሮፎርማው፣ በፈቃዱ፣ በባንክ ሒሳቡና በደረሰኙ ላይ ያለው ስም አንድ መሆን አለበት። ይህ ከምንም ቅናሽ ይበልጣል።

ፕሮፋይሉ ላይ ያለው የቢሊዮን ብር ሽያጭ የሁሉም ድምር ነው፤ የሚዋዋልዎ ድርጅት ካፒታል ግን ትንሽ ሊሆን ይችላል። ሆልዲንጉ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። «ከጎኑ ነን» የሚል ደብዳቤ ግን አይቀበሉ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ዋስትና በግልጽ መሰጠት አለበት፣ ዋስ የሚሆንበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልተጻፈበትም አይጸናም። 345,000 ብር በቁጥርም በፊደልም ይጻፍ። «በአንድነትና በነጠላ» የሚለውም ይግባበት፤ ያለዚያ መጀመሪያ ሻጩን ክሰሱ፣ ንብረቱንም ጨርሱ ሊልዎ ይችላል።