11 ካርቶን ይበቃል ብዬ የተከራከርኩት ሴራሚክ አንጣፊ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ትንሽ ደግሞ ይቅርታ ለመጠየቅ። የሳሎናችንን ወለል ሴራሚክ ያነጠፈልንን ልጅ የመጀመሪያው ቀን ላይ ጠርጥሬው ነበር።

ልጁ ሳይመጣ በፊት ክፍሉን ራሴ ለካሁት። ርዝመቱ 4.30 ሜትር፣ ወርዱ 3.50 ሜትር ነው። ሲባዛ 15.05 ካሬ ሜትር ይሆናል። የመረጥነው ሴራሚክ 60 በ60 ነው። እዚህ ጋ መጀመሪያ ተሳስቼ ካሬ ሜትሩን ለ3600 አካፈልኩና አንድ ሴራሚክ እንኳ የማይሞላ ቁጥር መጣልኝ! ክፍሉ በሜትር ተለክቶ ሴራሚኩ በሳንቲም ከሆነ አይሠራም። 60 ሳንቲም ወደ 0.60 ሜትር ይቀየራል፤ 0.60 × 0.60 ደግሞ 0.36 ካሬ ሜትር ነው። 15.05 ለ0.36 ሲካፈል 41.8 ይመጣል፤ ወደ ላይ ይሞላና 42 ፍሬ። ካርቶኑ 4 ፍሬ ስለሚይዝ 11 ካርቶን አልኩ። እንዲያውም ሁለት ፍሬ ይተርፈኛል ብዬ ደስ አለኝ።

ልጁ መጣና የኔን ልኬት በትህትና ወደ ጎን አደረገው። ወርዱን በሁለቱም ጫፍና መሃል ላይ ለካ። አንዱ ጫፍ 3.50፣ ሌላው 3.49 ሆነ፤ ትልቁን ያዘ። ከጥግ ወደ ጥግም በሰያፍ ለካ። ሁለቱም ወደ 5.54 ሜትር መጡ። ሁለቱ በደንብ ቢለያዩ ኖሮ ክፍሉ ጠማማ ነው ማለት ነበር። ከዚያ ትንሽ አሰበና «13 ካርቶን ግዢ፣ እህቴ» አለኝ።

ሁለት ካርቶን ጭማሪ! በሆዴ «ይሄ ልጅ ለሌላ ሥራው ሊያተርፍ ነው» አልኩ። የጻፍኩትን ሂሳብ አሳየሁት። አልተቀየመም። ቾክ አወጣና ወለሉ ላይ አሰመረልኝ።

ከአንዱ ግድግዳ ጀምረን በርዝመቱ ብንደረድር 7 ሙሉ ሴራሚክ ይገባል። በመሃሉ ያለው ፉጋ 3 ሚሊ ሜትር ሲታሰብ መጨረሻ ላይ 8 ሳንቲም አካባቢ ይቀራል። በወርዱ በኩል 5 ሙሉ ይገባና 48 ሳንቲም ተኩል ይቀራል። በዚህ አደራደር የኔ 42 በትክክል ይበቃል። 35 ሙሉ፣ 7 ለወርዱ ጠርዝ። ለ8 ሳንቲሟ ስስ መስመር ደግሞ ከነዚያ ከ7ቱ የሚቆረጠው ትርፍ ይሆናል። ሂሳቤ ውሸት አልነበረም።

ችግሩ ያቺ ስስ መስመር ናት። እንዲህ ጠባብ ሆኖ የሚቆረጥ ሴራሚክ በቀላሉ ይሰበራል። ግድግዳው 1 ሳንቲም ከተዛነፈ ደግሞ ከ8 ላይ ወዲያው ይታያል። የእኛ ደግሞ ሶፋ በማይሸፍነው በኩል፣ ፊት ለፊት ነው የምትወድቀው። ስለዚህ በርዝመቱ ከሚገቡት 7 ሙሉ አንዱን ቀንሶ፣ እሱንና 8 ሳንቲሙን ለሁለት ከፈለው። በሁለቱም ጫፍ እኩል 34 ሳንቲም ሆነ፤ መሃል ላይ 6 ሙሉ።

እዚህ ላይ ነው ቁጥሩ የሚቀየረው። ከ60 ላይ 34 ሲቆረጥ 26 ይቀራል። 26 ደግሞ ለሌላ 34 አይሆንም። ስለዚህ እያንዳንዱ ጠርዝ የራሱን ሙሉ ሴራሚክ ይበላል። በርዝመቱ 8፣ በወርዱ 6፣ ሲባዛ 48። ይህ ልክ 12 ካርቶን ነው። 13ኛው ለስብራትና ለመጠባበቂያ። ብዙ ሰው «10 በመቶ ጨምር» ይላል፤ 42 ላይ 10 በመቶ ብጨምር 47 ፍሬ ነው፤ እሱም አይበቃም ነበር።

አንድ ጊዜ በሌላ ቤት ሴራሚክ ጎድሎብን ስንመለስ ቀለሙ ለየት ያለ ነው የተሰጠን። ያው ስም፣ ያው መጠን፣ ግን የምርት ዙሩ ሌላ። ስለዚህ ይሄኛው ልጅ ካርቶኖቹ ሲመጡ መጀመሪያ ያየው ሁሉም ላይ ያለው የዙር ቁጥር አንድ መሆኑን ነው።

የገረመኝ ደግሞ መጨረሻው ነው። እነዚያን 26 ሳንቲም ቁራጮች ልጥላቸው ስል «ግድግዳው ሥር ዙሪያውን የሚለጠፍ ዞኮሎ ናቸው» ብሎ አስቆመኝ። ከእያንዳንዱ 8 ሳንቲም ከፍታ ያላቸው ሦስት ሦስት ቁራጭ አወጣ። የክፍሉ ዙሪያ 15.60 ሜትር ነው፤ የበሩ 90 ሳንቲም ሲቀነስ 14.70። በ60 ሳንቲም ሲደረደር 25 ቁራጭ ይፈልጋል። ከ10 ትርፍ ብቻ 30 ተገኘ። ሊያተርፍ ነው ያልኩት ሰውዬ ለብቻው ልገዛ የነበረውን ዞኮሎ አስቀረልኝ።

ሲቆርጥ አንድ ሴራሚክ ተሰበረበት። ሦስቱ ተርፈው አልጋ ሥር ተቀምጠዋል።

ስልኩን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትደውሉ የክፍሉን ርዝመትና ወርድ፣ የሴራሚኩንም መጠን ይዛችሁ ደውሉ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ካሬውን ብቻ ብትነግሩት ስንት ካርቶን እንደሚፈጅ አይነግራችሁም።