ኪኒን እየወሰዳችሁ «የፒሲኦኤስ ሙሉ ፓኬጅ» የሚሸጡላችሁን ተጠንቀቁ

እህቶቼ፣ ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፍላችሁ። ፒሲኦኤስን፣ ያን የወር አበባ የሚያዛባና ጸጉር የሚያበቅል የሆርሞን ችግር፣ እንመረምራለን ብለው «ሙሉ የሆርሞን ፓኬጅ» እያሉ የሚያስተዋውቁ ላብራቶሪዎችን ታውቋቸዋላችሁ። ክፈይ፣ ክንድሽን ዘርጊ፣ ውጤቱ በስልክ ይላክልሻል። ሐኪም የሚባል ነገር የለም።

ደም የምትቀዳዋ ልጅ ክንዴን እያሰረች ነገርኳት። «ኢስትሮጅን ያለበት የእርግዝና መከላከያ ኪኒን እየወሰድኩ ነው፣ ችግር አለው?» አልኳት። ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም። «ምንም ችግር የለውም፣ ደም ደም ነው» ብላ መርፌውን ሰካችው። ቅጹ ላይ እንኳን አልጻፈችውም! አንዲት ቃል ብትጽፍ ምን ነበረበት?

ውጤቱ መጣ። ኦቫሪን የሚያዙት ሁለቱ ሆርሞኖች፣ ኤልኤች 1.1፣ ኤፍኤስኤች 1.6፤ የወንድ ሆርሞን የሚባለው ቴስቶስትሮን ደግሞ ኖርማል። ልጠይቅ ስሄድ መስኮቱ ጋ ያለው ሰውዬ «የኤልኤችና የኤፍኤስኤች ሬሾሽ ከ2 በታች ነው፣ ፒሲኦኤስ የለብሽም» አለኝ። ታዲያ አገጬ ላይ የሚበቅለው ጸጉርስ? ኪኒኑን ከመጀመሬ በፊት የወር አበባዬ በሁለትና በሦስት ወር አንዴ ይመጣ የነበረውስ? ስለው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «እህቴ፣ ማሽን አይዋሽም፣ ቀጣይ!» ብሎ አባረረኝ።

ሐኪም ጋ ወረቀቱን ይዤ ስሄድ ገና ቁጥሮቹን ስታይ «ኪኒን ላይ ነሽ እንዴ?» አለችኝ። ሁለቱም ቁጥር አንድ ላይ እንዲህ ዝቅ ማለቱ ነው የነገራት። ኪኒኑ ኤልኤችንም ኤፍኤስኤችንም ያፍናል። ኦቫሪን ቴስቶስትሮን እንድታመርት የሚገፋት ደግሞ ኤልኤች ስለሆነ እሱ ሲወርድ ቴስቶስትሮኑም ይወርዳል። በዚያ ላይ ኪኒኑ ጉበት ኤስኤችቢጂ የሚባል ፕሮቲን አብዝቶ እንዲያመርት ያደርጋል፤ ይሄ ፕሮቲን ቴስቶስትሮንን አጥብቆ ይይዛል፣ በነጻ የሚዘዋወረው ያንሳል። የተለካው የኪኒኑ ሥራ እንጂ የእኔ ሰውነት አይደለም ማለት ነው።

በጣም ያናደደኝ ግን ሬሾው ነው። ኪኒን ባልወስድም ኤልኤች ቀኑን ሙሉ ከፍ ዝቅ እያለ ነው የሚለቀቀው፣ አንድ ቱቦ ደም ብዙ አይናገርም። ፒሲኦኤስ የሚለየው ከሦስት ነገሮች ሁለቱ ሲገኙ ነው፦ የወር አበባ መዛባት፣ እንደ ቴስቶስትሮን ያሉ የአንድሮጅን ሆርሞኖች መብዛት (በደም ወይም እንደ እኔ በጸጉር የሚታይ)፣ እና የኦቫሪ የአልትራሳውንድ ምስል። ሌሎች ተመሳሳይ ችግሮችም አለመኖራቸው መረጋገጥ አለበት። ሬሾ መስፈርቱ ውስጥ የለም! እነሱ ግን ዋና ዕቃ አድርገው ሸጡልኝ፤ ነጻ ቴስቶስትሮንን ለማስላት የሚያስፈልገውን ኤስኤችቢጂ ግን ጭራሽ አልለኩም።

ገንዘቤን መልሱ ብል «ደሙ ተመርምሯል» አሉኝ።

ኪኒን ላይ ያላችሁ፣ የአንድሮጅን ምርመራ ከማድረጋችሁ በፊት ኪኒኑ ቢያንስ ለ3 ወር መቆም አለበት። እሱንም በራሳችሁ ሳይሆን ከሐኪም ጋር ተነጋግራችሁ፣ ሌላ መከላከያ ይዛችሁ። ምርመራ ስታዙ ጠቅላላ ቴስቶስትሮን ከኤስኤችቢጂ ጋር በሉ። የምትወስዱትን መድኃኒት ቅጹ ላይ ካልጻፉላችሁ ክንዳችሁን አትዘርጉ።