የሚያወራ ሰው ቪዲዮ ላይ ፊት ልታስቀይሩ ከሆነ ናሙናውን አይታችሁ እንዳትከፍሉ

ሰዎች፣ «ቪዲዮ ላይ ፊት እንቀይራለን፣ ማንም አይለየውም» የሚሉ ልጆች በዝተዋል፣ ሁሉም ይዋሻሉ አልልም፣ ግን ቪዲዮው ላይ ያለው ሰው የሚያወራና ጭንቅላቱን የሚያዞር ከሆነ የሚያሳዩዋችሁ ናሙና ምንም አይነግራችሁም። ምክንያቱን በደረሰብኝ ላስረዳችሁ።

ሥራው ቀላል ነበር። 40 ሰከንድ የምትሆን ማስተማሪያ ቪዲዮ አለች፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሰሌዳ ፊት ቆማ ታስረዳለች። በኋላ ልጅቷ ፊቴ ኢንተርኔት ላይ እንዲወጣ አልፈልግም አለች፣ መብቷ ነው። አነጋገሯ ግን ደስ ስለሚል እንደገና ከመቅረጽ ፊቷን በእህቴ ፊት እንቀይረው ተባባልን፣ ሁለቱም ፈቀዱ። እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ፣ የፈለግነው ቆንጆ ቪዲዮ ብቻ አይደለም፣ የባልደረባዬ ፊት አንድም ቦታ እንዳይታይ ነው።

ሠሪው ናሙና ላከልኝ፣ እውነት ለመናገር አሪፍ ነው። አንድ ሰው ፊት ለፊት ካሜራውን እያየ ፈገግ ይላል፣ ትንሽ ይነቀንቃል፣ ከኋላ ሙዚቃ አለ፣ አለቀ። ወሬ የለም፣ መዞር የለም። «የእህትህን አንድ ጥርት ያለ ፎቶ ላክልኝ ይበቃል» አለኝ። ክፍያ ቀድሞ፣ ማስተካከያ አንዴ ብቻ፣ ከዛ በኋላ ገንዘብ አይመለስም። ሥራው ሲያልቅ ለማየት የሚልከው ደግሞ በጣም ያነሰ ቅጂ ነው፣ ስልክ ላይ ስታዩት ሁሉ ነገር ልክ ይመስላል።

ሙሉ ፋይሉ ሲመጣ 14ኛው ሰከንድ ላይ፣ ልጅቷ ወደ ሰሌዳው ዞር ስትል የሆነ ነገር ብልጭ አለብኝ። ቪኤልሲ ላይ ከፈትኩትና አስቁሜ E የሚለውን ፊደል እየተጫንኩ ፍሬም በፍሬም አየሁት። መጀመሪያ የእህቴ ፊት ነው። ቀጥሎ ከካሜራው የራቀችው ዓይን ተንሸራታ አፍንጫው ላይ ልትወጣ ደረሰች። ከዛ የሚቀጥለው ፍሬም ላይ ቁጭ ያለችው ባልደረባዬ ራሷ ናት! ጥርት ብላ፣ ምንም ሳይነካት። ትንሽ ፍሬም እንደዛ ቆይቶ ፊቷን ወደ ካሜራ ስትመልስ እህቴ ተመልሳ ትመጣለች። በፍጥነት ሲሄድ ዓይን ሊያልፈው ይችላል፣ ግን ማንም ሰው አስቁሞ ስክሪንሾት ቢያነሳ ስንደብቀው የነበረው ፊት እጁ ገባ ማለት ነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? በአንድ ፎቶ የሚሠሩት ፕሮግራሞች እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ነው የሚያዩት፣ በፊትና በኋላ ያለውን አያውቁም። መጀመሪያ ፊት ፈልገው ያገኛሉ፣ ከዛ በአምስት ነጥብ ይይዙታል፣ ሁለቱ ዓይን፣ የአፍንጫ ጫፍ፣ የአፍ ግራና ቀኝ ጥግ። ፊት ለፊት ሲሆን አምስቱም ይታያሉ። ሰውየው በጣም ሲዞርና ፊቱ በጎን ብቻ ሲታይ ግን አንዷ ዓይንና አንዱ የአፍ ጥግ ይጠፋሉ፣ ፕሮግራሙ በግምት ያስቀምጣቸዋል፣ ዓይኗ የተንሸራተተችው ለዛ ነው። ትንሽ ሲጨምር ደግሞ «እዚህ ፍሬም ላይ ፊት መኖሩን እርግጠኛ አይደለሁም» ብሎ ይተወዋል፣ የተተወ ፍሬም ደግሞ ኦሪጅናሉ እንዳለ ነው የሚወጣው። ሠሪው ፕሮግራሙ ፊት ነው ለማለት የሚጠይቀውን እርግጠኝነት ዝቅ አድርጎ በግድ እንዲይዝ ማድረግ ይችላል፣ ያኔ ግን ከማለፍ ይልቅ የተጣመመ ፊት ይለጥፍላችኋል። እና ሌላም አለ፣ ቅየራው የሚነካው ከግንባር እስከ አገጭ ያለውን ነው እንጂ የጭንቅላቱን ቅርጽ አይደለም፣ ስለዚህ በጎን ስትታይ የአፍንጫዋ መስመር ከኋላ ካለው ነጭ ሰሌዳ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ የሁለት ሰው አፍንጫ ጠርዝ ተደራርቦ ታያላችሁ።

አሁን ወደ አፉ። ብዙ ሰው አፉ አልገጠመም ሲል ሦስት የተለያየ ችግር አንድ ላይ ይጨፈልቃል፣ ሠሪውም በዛ ነው የሚያመልጠው። ለመለየት በ፣ መ፣ ፐ ያለበትን ቃል ፈልጉ፣ እነዚህን ስትናገሩ ከንፈር የግድ መግጠም አለበት። ቪዲዮዋ ላይ «በመጀመሪያ» የሚል ቃል አለ፣ ሦስት ጊዜ ነው ከንፈር የሚገጥመው። ኦሪጅናሉ ላይ ፍሬም በፍሬም ሳየው ከንፈሯ ግጥም ብሏል። የተቀየረው ላይ ግን እዛው ፍሬም ላይ በከንፈሮቹ መሀል ቀጭን ነጭ የጥርስ መስመር አለ፣ አፉ አንዴም አልተዘጋም። ጥርሶቹ ደግሞ ከፍሬም ፍሬም ቅርጻቸው ይለዋወጣል። በድምፅ ስታዩት ሰውየዋ የምትናገረው በጥርሷ ይመስላል።

ይሄ የሚመጣው ከመጠን ማነስ ነው። ገበያው ላይ በብዛት የሚሠራበት inswapper_128 የሚባለው ሞዴል ስሙ እንደሚለው ፊቱን የሚያወጣው በ128 በ128 ፒክስል ነው። የእኛ ቪዲዮ ላይ ፊቷ 500 ፒክስል ገደማ ይሆናል፣ ስለዚህ አራት እጥፍ ተለጥጦ ነው የሚገባው። በዛች ትንሽ ምስል ላይ የከንፈሮች መሀል ያለው ክፍተት የአንድ ሁለት ፒክስል ጉዳይ ነው፣ ይደበዝዛል። ከዛ ፊት የሚያጠራ ሌላ ፕሮግራም፣ ኢንሃንሰር የሚሉት፣ በላዩ ላይ ያሳልፉታል፣ እሱ ደግሞ ያንን ብዥታ አይቶ ጥርስ ነው ብሎ ጥርስ ይስልበታል። እህቴ ፎቶው ላይ አፏን ዘግታ ስለነበር ጥርሷ ምን እንደሚመስል የሚያውቅበት መንገድም የለውም፣ ፈጥሮ ነው የሳለው። ጥሩ ሠሪ ኢንሃንሰሩን ግማሽ አካባቢ ያወርደዋል ወይም አፉ አካባቢ ከኦሪጅናሉ ይቀላቅላል፣ የእኔው ሰውዬ እስከ መጨረሻው ከፍቶት ነው መሰለኝ ቆዳዋ ፕላስቲክ ሆኗል።

ሁለተኛው ችግር የድምፅና የምስል መለያየት ነው። መጀመሪያ ላይ ልክ ነው፣ መጨረሻው አካባቢ ግን ከንፈሯ ቃሉን ከጨረሰ በኋላ ነው ድምፁ የሚመጣው። ልዩነቱ እየጨመረ ከሄደ ጥፋቱ የፊት ቅየራው አይደለም፣ የፍሬም ቁጥሩ ነው። ስልክ ብዙ ጊዜ እኩል ባልሆነ ፍጥነት ነው የሚቀርጸው። የእኛው በአማካይ በሰከንድ 29.6 ፍሬም ነበር፣ በ40 ሰከንድ 1184 ፍሬም ማለት ነው። ሠሪው ፍሬሞቹን አውጥቶ ቀይሮ በ30 መልሶ ሲሰፋቸው 39.5 ሰከንድ አካባቢ ያልቃሉ፣ ድምፁ ግን ያው 40 ነው። ግማሽ ሰከንድ ማንም ሰው ያስተውለዋል። ሦስተኛው ደግሞ ልዩነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ሲሆን ነው፣ ያኔ ድምፁን ትንሽ መግፋት ብቻ ነው፣ የደቂቃ ሥራ። ቪዲዮ ከመላካችሁ በፊት ffmpeg በሚባለው ፕሮግራም እንዲህ አድርጋችሁ ፍጥነቱን እኩል አድርጉት፣ እና የወጣውን ፋይል ነው የምትልኩት፦

```
ffmpeg -i in.mp4 -vf fps=30 -c:v libx264 -crf 16 -c:a copy out.mp4
```

ይሄን ሁሉ ነግሬው አንዷን ማስተካከያ ሲሠራ ያደረገው ምን መሰላችሁ፣ ከድምፁ ተነስቶ አፍ የሚሠራ ፕሮግራም አሳለፈበት። ከንፈሩ አሁን ይዘጋል፣ እውነት ነው፣ ግን ከአፍንጫ በታች ያለው ሁሉ ብዥ ያለ አራት ማዕዘን ሆነ፣ ምክንያቱም እነዚህ ፕሮግራሞች ውስጥ የታወቀው ዋቭ2ሊፕ የሚሠራው በ96 በ96 ፒክስል ነው፣ ከበፊቱም ያነሰ። ስትዞር ደግሞ ጉንጯ ዞሮ አፏ ወደ ካሜራ እንዳየ ይቀራል። ባልደረባዬ የምትፈራው 14ኛ ሰከንድ ላይ ያለው ፊት ደግሞ እዛው አለ፣ አልነካውም! ስጠይቀው «ማስተካከያህን ጨርሰሃል» አለኝ።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ናሙናውን ተዉትና ከራሳችሁ ቪዲዮ ላይ ከባዷን ሁለት ሰከንድ ቆርጣችሁ ስጡት፣ ሰውየው እያወራ የሚዞርባትን፣ በ ወይም መ ያለባትን። በሙሉ መጠን ይመልስላችሁ፣ ያነሰ ቅጂ አትቀበሉ። ፍሬም በፍሬም እዩት። እምቢ ካለ በቃ ሌላ ፈልጉ። አንድ ፎቶ ይበቃል የሚል ሰው ለፈገግታ ቪዲዮ ይሆናል፣ ለንግግር ግን የሚያውቅ ሰው የአዲሱን ፊት ባለቤት ወደ ግራ ወደ ቀኝ ወደ ላይ ወደ ታች እየዞረ፣ አፉን እየከፈተና እየዘጋ፣ የሚያወራበት የብዙ ደቂቃ ቪዲዮ ነው የሚጠይቃችሁ፣ በዛ ሞዴል ያሠለጥናል፣ ቀናት ይወስዳል፣ ዋጋውም ይለያል። እሱ እንኳን ሙሉ በሙሉ በጎን የሆነ ፊት ላይ ይቸገራል፣ እና ያንን አስቀድሞ የሚነግራችሁ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። ፊት ለመደበቅ የምታሠሩ ደግሞ ውሉ ላይ «ኦሪጅናሉ ፊት የሚታይበት አንድ ፍሬም እንኳ ካለ ሥራው አልተጠናቀቀም» ብላችሁ አስጽፉ፣ ሥራው ሲያልቅም የላካችሁለትን ፋይል እንደሚያጠፋ ጨምሩበት።

እኛ በመጨረሻ ወደ መጀመሪያው ቅጂ ተመልሰን የመዞሪያዋን ቦታ ሰሌዳው ብቻ በሚታይበት ምስል ሸፈንናት፣ ድምፁ ከሥር እንደቀጠለ። የቀረውን ባልደረባዬ ራሷ ፍሬም በፍሬም ካየችው በኋላ ነው የለቀቅነው፣ አፉ ግን አሁንም «በመጀመሪያ» ላይ አይዘጋም።