የጽዳት ውል ማቋረጥ፦ በጥፋት ወይስ በ30 ቀን ማስታወቂያ?

ቱሉ ዲምቱ ያለው ኮንዶሚኒየማችን ከጽዳት ድርጅቱ ጋር 6 ዓመት ሠርቷል። አሁን ግን ደረጃው ሳይታጠብ ሳምንት ያልፋል።

ግማሹ ኮሚቴ «በጥፋት እናቋርጥ» አለ። ክፍያው ቶሎ ይቆማል፤ ግን ማስረጃ ይፈልጋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1772 ደግሞ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ስጡ ይላል። እኛ ስልክ ብቻ ነው የደወልነው። አንድም ደብዳቤ የለንም።

ውላችን ውስጥ ያለው የ30 ቀን ማስታወቂያ ምክንያት አይጠይቅም፤ የወሩ ክፍያ ግን ይቀጥላል። እኔ የደገፍኩት ይሄንን ነው። ደብዳቤው ላይ የውሉን ቀንና አንቀጽ፣ የመጨረሻውን የሥራ ቀንና የቁልፍ ርክክቡን ጻፍን። ውሉ ቀኑን የሚቆጥረው ደብዳቤው ከደረሳቸው ጀምሮ ስለሆነ፣ ኮፒው ላይ «ደርሶናል» አስብለን አስፈርመን ማህተም አስመታን። በየማለዳው ደረጃችንን ለሚጠርጉት እናቶችም ወሩ ሌላ ሥራ መፈለጊያ ይሆናቸዋል።